አረንጓዴው ዘጠና አንድ

ሰው ስንት ከመቶ ሲሆን ነው ለሥራ የሚበቃው? ማንን እንደምጠይቅ እንኳ አላውቅም። በእኛ ጊዜ ከመቶ የሚቆጠረው የትምህርት ቤት ፈተና ብቻ ነበር። ሃምሳ ያመጣ አለፈ፣ ያላመጣ ወደቀ፣ አለቀ። እኔም እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለገፋሁ ይህቺ አትጠፋኝም። ለዚህ ነው የልጅ ልጄ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዙሮ፣ ቀይ ክብ ውስጥ የተጻፈ አርባ ሦስት ሲያሳየኝ የደነገጥኩት።

«ወደቀች ማለት ነው?» አልኩት።

«ገና አልተላከም እኮ እማዬ። እንዲህ ሆኖ ቢላክ ግን ትወድቃለች።»

የወደቀችው፣ ወይም ልትወድቅ የነበረችው፣ እህቱ ናት። ጭምቴ እላታለሁ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ቃል የሚወጣት በግድ ነው። እሱን ደግሞ ሊቁ እንለዋለን። ስሙ አይደለም፤ ሁሉን አውቃለሁ ማለቱ ያወጣለት ነው። እናታቸውን ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ሁለቱንም ያሳደግሁ እኔ ነኝ። እሱ ኮምፒውተር ሲጠግን ይውላል። እሷ በአንድ ክሊኒክ ውስጥ የቀዶ ጥገና ዕቃ ታመክናለች። መቀሱን፣ መቆንጠጫውን፣ ምኑን ምኑን አጥባ፣ ጠቅልላ፣ በእንፋሎት ማሽን ከትታ፣ ተሐዋሲ የሚባል እንዳይቀርበት አድርጋ ለሐኪሞቹ ትልካለች። ሥራዋን ትወደዋለች። ክሊኒኩ ግን ሊዘጋ ነው፤ ሕንፃው ተሸጧል። የቀራት እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነበር።

በዚህ መሐል ትልቁ ሆስፒታል ለዕቃ ማምከኛ ክፍሉ ሠራተኛ ፈልጎ ማስታወቂያ አወጣ። ማመልከቻው እስከ ዓርብ ነው። ሥራው ቁርጥ የእሷ ነው፤ ልክ ለእሷ እንደተሰፋ ልብስ። እኔ ማታ ማታ መጸለይ ጀመርኩ፣ እሷ ሲቪዋን አሰናዳች፣ ሊቁ ደግሞ ከኢንተርኔት ላይ አንድ መመዘኛ ፈልጎ አመጣ። በአንድ በኩል ሲቪዋን፣ በሌላ በኩል ማስታወቂያውን ትለጥፊበታለሽ፤ ምን ያህል እንደሚገጥሙ ከመቶ ይነግርሻል አለኝ። ነገረን፤ አርባ ሦስት።

የጭምቴ ፊት አመድ መሰለ።

«አምስት ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው» አለች።

«ለእኔ አትንገሪኝ፣ ለማሽኑ ንገሪው» አላት። «የዛሬ ጊዜ ሲቪ የሚያነበው ሰው መሰለሽ? ማሽን ነው። ከሰማንያ በታች ከሆንሽ የሰው ዓይን ሳያይሽ ወደ ቆሻሻ ነው የምትሄጂው።»

«ማን ነገረህ?» አልኩት።

«እዚያው ዌብሳይቱ ላይ ተጽፏል!»

ሻጭ ዕቃው መጥፎ ነው ብሎ አያውቅም ልለው ነበር፤ ተውኩት። እኔ ስለ ኮምፒውተር ምን አውቃለሁ? ብቻ እንቅልፍ ይዞኝ ሲሄድ አርባ ሦስት፣ ስነቃ አርባ ሦስት።

ከጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየችን ሴት በአንድ ሳሙና ፋብሪካ የቅጥር ክፍል ሠራተኛ ናት። የሰው ሲቪ ስታነብ ነው የምትውለው። በማግስቱ ከሥራ ስትገባ በር ላይ ጠብቄ ያዝኳት።

«የኔ እናት፣ እስቲ ግቢልኝ። ልጄን አርባ ሦስት አሏት።»

«ምን አርባ ሦስት? ደም ግፊት?»

«ኧረ ሲቪዋን ነው!»

ሳቋ አፈትልኮ ወጣ። ከዚያ ፊቴን አይታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ገባች። ሊቁ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘፈዘፈ ነበር፤ ጭምቴ አጠገቡ ጥፍሯን ትነክሳለች።

ተከራያችን ቁጥሩን አየች፣ ሲቪውን አየች፣ ማስታወቂያውን አየች። ከዚያ «እስቲ ያንኑ ወረቀት ሳትነካካ ሌላ መመዘኛ ላይ ለጥፈው» አለችው።

«ለምን?»

«ለጥፈው አልኩህ፣ አይነክስህም።»

እያጉረመረመ ለጠፈው። ስልሳ ሰባት ወጣ። ያው ወረቀት! ያው ማስታወቂያ! አንዲት ፊደል አልተነካችም።

«ይኸው» አለች። «አንዱ አርባ ሦስት፣ አንዱ ስልሳ ሰባት። ቴርሞሜትር ቢሆን ሁለቱንም ትጥላቸው ነበር።»

«ሁለተኛው ነፃ ስለሆነ ያሞግሳል» አለ ሊቁ። «ማመን ያለብን ዝቅተኛውን ነው። ጥንቃቄ ይባላል።»

«ጥንቃቄ ሳይሆን የያዙትን አለመልቀቅ ነው። ይሄ ነገር እኮ የሚሠራው በአብዛኛው ቃል ቆጥሮ ነው። ማስታወቂያው ላይ ያሉትን ቃሎች ሲቪው ላይ ይፈልጋል። እያንዳንዱ የራሱ አቆጣጠር አለው፤ አንዱ ለሥራ መደቡ ስም ብዙ ነጥብ ይሰጣል፣ ሌላው ለትምህርት። እዩ እዚህ ጋ። እነሱ ‹ኦቶክሌቭ› ብለዋል፣ እሷ ‹የእንፋሎት ማሽን› ብላለች። ያው ዕቃ ነው። ለሰው ያው ነው፤ ለዚህ ግን የለም ማለት ነው።»

ጭምቴ ቀና አለች። «እኛ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ነው የምንጠራው…»

«ታዲያ በእነሱ አጠራር ጻፊዋ፤ ውሸት አይደለም። ደግሞ ሲቪሽን ለሁለት ከፍለሽ ጎን ለጎን ነው ያደረግሽው። አንዳንዱ ማንበቢያ ግራና ቀኙን ያደባልቀዋል። የሥራ ልምድሽን ከስልክ ቁጥርሽ ጋር ቀላቅሎ አንብቦት ሊሆን ይችላል። ከላይ ወደ ታች ቀጥ አድርጊው።»

እንዳለቻት አደረገች። የሠራችውን በእነሱ ቃል አስተካከለች፣ ወረቀቱን ቀጥ አደረገች። የመጀመሪያው መመዘኛ ስልሳ ሁለት አለ። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ ሃምሳን አልፋለች እኮ!

«በቃ» አለች ተከራያችን። «ከዚህ በላይ አትጨነቁ። ይሄ ቁጥር እንደ ጠቋሚ ጣት ነው፤ ‹እዚህ ጋ የረሳሽው ነገር አለ ወይ?› ብሎ ያመለክታል፣ አለቀ። ሆስፒታሉ ይህን ቁጥር አያየውም። የራሳቸው ሲስተም ቢኖራቸው እንኳ ይሄኛው አይደለም። ከስር የዘረዘራቸውን የጎደሉ ቃሎች እያቸው፤ የሠራሽው ካለ ጻፊው፣ ያልሠራሽውን ተዪው፣ ላኪው።»

ከጎደሉት ቃሎች አንዱ ‹ጋዝ ማምከኛ› ነበር። ሙቀት የማይችሉትን ዕቃዎች በእንፋሎት ሳይሆን በጋዝ የሚያመክን ሌላ ማሽን አለ አሉ። ጭምቴ ሠርታበት አታውቅም።

ተከራያችን ወጣች። በሩ ከተዘጋ በኋላ ሊቁ ተነፈሰ።

«ስልሳ ሁለት ይላካል እንዴ? እሷ ምን ቸገራት፣ ሥራ አላት። ተፎካካሪዎችሽ ዘጠና ይዘው ነው የሚመጡት።»

«ያልሠራሁትን አልጽፍም» አለች ጭምቴ።

«ማን ዋሺ አለሽ? ‹የጋዝ ማምከኛ ዕውቀት› በይው። ምን እንደሆነ አታውቂም? ታውቂያለሽ! አነበብሽ አይደል ትምህርት ቤት?»

«እሱማ…»

«በቃ ዕውቀት ነው። እማዬ፣ ንገሪያት እንጂ።»

ምን ልበላት? ዓርብ ደርሷል። ክሊኒኩ ዕቃውን መሸከፍ ጀምሯል። እኔም «ትንሽ ከፍ ቢል ምን ይጎዳል ልጄ» አልኩ። ትንሽ ነበር ያልኩት። ሊቁ ግን ትንሽ የሚባል ነገር አያውቅም። ጋዙን ጨመረ። ‹የቡድን አመራር› ጨመረ፤ ጭምቴ የምትመራው አንድ ማሽን ነው። ማስታወቂያው ውስጥ ያለችውን ቃል ሁሉ እንደ ቅመም ነሰነሰበት። ቁጥሩ ሰባ አራት፣ ሰማንያ ሦስት እያለ ሲወጣ እሱም ከወንበሩ ብድግ ብድግ ይላል፤ እግር ኳስ የሚያይ ነው የሚመስለው።

ከዚያ መመዘኛው «ረዝሟል፣ አሳጥሩ» አለ።

«ይሄን እናውጣው» አለ ሊቁ።

«እሱንስ አይሆንም» አለች።

ያ ሊያወጣው የፈለገው ነገር ጭምቴ በገዛ ቃሏ የጻፈችው ነበር። አንድ ጠዋት ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ሲከፈት፣ በዕቃው መሐል የምትቀመጠው ምልክት ቀለሟን አልቀየረችም። ቀለም ካልቀየረች እንፋሎቱ በትክክል አልደረሰም ማለት ነው። ሐኪሙ ታካሚው ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል እያለ በሩ ላይ ይጮሃል፤ ልጄ ግን ዕቃውን አልሰጥም ብላ ያዘች። ሲታይ ማሽኑ ተበላሽቶ ኖሯል። ይህን ታሪክ እኔ ራሴ የሰማሁት ያ ሲቪ ሲነበብ ነው። ነገረችኝ እንዴ? ጭምት!

«እዚህ ውስጥ ማስታወቂያው የሚፈልገው አንድም ቃል የለም» አለ ሊቁ። «ቦታ ነው የያዘው።» አወጣው። ክቡ አረንጓዴ ሆነ። ዘጠና አንድ።

«ይሄ ነው ሲቪ!»

ጭምቴ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አየችው። «የእኔ አይመስለኝም» አለች። እሱ ግን ልኮት ነበር።

ለቃለ መጠይቅ ሲጠሯት ሊቁ ቤቱን አናወጠው። «አላልኩም? አላልኩም? ያቺ የሳሙና ሠራተኛ የት አለች!» እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። ግን ደስታዬ ውስጥ አንድ እሾህ ነገር ነበረ። ስለዚህ «አብሬሽ ካልሄድኩ» አልኳት። «እማዬ፣ ሕፃን ነኝ እንዴ?» አለች። ሄድኩ።

የማምከኛ ክፍሉ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ነው። ኮሪደሩ ሞቃት፣ ግድግዳው ነጭ፣ ከውስጥ የእንፋሎት ፉጨት ይሰማል። ከእኛ በፊት አራት ልጆች ተቀምጠው ነበር። አጠገቤ ካለችው ጋር ወሬ ጀመርኩ።

«አንቺስ የኔ ልጅ፣ ስንት ከመቶ ነሽ?»

«ምን?» አለችኝ። ስለ ፐርሰንቱ ሰምታ አታውቅም። ጭምቴ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ተራዋ ደረሰና ገባች። በሩ እስከ መጨረሻው አይዘጋም፤ ቢዘጋ ደስ ባለኝ። አንዲት ጎልማሳ ሴት ናት የምትጠይቃት፤ የክፍሉ አለቃ። ስለ እጥበት ጠየቀቻት፣ ጭምቴ መለሰች። ስለ አጠቃለል ጠየቀቻት፣ መለሰች፤ እንዲያውም እንደዚያ ረዘም አድርጋ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ልቤ መለስ ማለት ጀመረ።

«ጋዝ ላይም ሠርተሻል ማለት ነው» አለች አለቃዋ። ወረቀት ሲገለጥ ተሰማኝ። «ጥሩ። ዕቃው ከጋዝ እንደወጣ ወደ ቀዶ ጥገና ይሄዳል?»

ወንበሯ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ግድ የለም፣ ዘና በይ። ሲወጣ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አየር እንዲያገኝ ይቆያል» አለች ጭምቴ። «ጋዙ መርዝ ስለሆነ፣ ዕቃው ውስጥ የቀረው እስኪወጣ።»

«የእናንተ ማሽን ምን ያህል ያስቆያል?»

እኔ ውጭ ሆኜ የቀሚሴን ጫፍ ጠምዝዤ ልቀደው ደረስኩ። ብትዋሽ እግዜር ይቅር ይላት ነበር። እሷ ግን መዋሸት አልፈጠረባትም።

«እኛ ጋ ጋዝ የለም። ትምህርት ቤት ነው ያነበብኩት። ሠርቼበት አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ጻፍሽው?»

«ፐርሰንቱ… አነስ ብሎ ነበር።»

«የምን ፐርሰንት?»

ያን ጊዜ ነው የተነሣሁት። ምን እንዳስነሣኝ አላውቅም። በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ።

«የኔ እመቤት፣ ዘጠና አንድ እኮ ነው ያመጣችው! አረንጓዴ ነበረ!»

«እማዬ!» አለች ጭምቴ። አንገቷ ድረስ ቀላች።

አለቃዋ እኔንም እሷንም ተራ በተራ አየች። ደግ ሴት ናት፤ ወንበር ሳበችልኝ። ልጁ፣ መመዘኛው፣ አርባ ሦስቱ፣ ሁሉንም አፈረጥኩት። ሰምታኝ ስታበቃ በረዥሙ ተነፈሰች።

«እማማ፣ ያንን ቁጥር እኛ አይተነው አናውቅም። የመጡትን ማመልከቻዎች እኔና ምክትሌ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው ያነበብናቸው። የማምከን ሰርተፊኬት ያለውንና የሠራውን ሁሉ ጠራን። እሷም ለዚያ ነው የተጠራችው።»

«ጋዙስ? ማስታወቂያው ላይ አለ አይደል?»

«‹ቢኖር ይመረጣል› ነው ያልነው። ከሌለ እዚሁ እናስተምራለን። የግድ አላልንም።» ወደ ጭምቴ ዞረች። «የሚያሳዝነኝ እሱ አይደለም። አየሽ፣ እዚህ ያለ ዕቃ በዓይን ንጹሕ ይሁን አይሁን አይታወቅም። ሐኪሙ ከላይ ሆኖ የሚያምነው ‹መክኗል› ብላ የፈረመችውን ሰው ነው። ያልሆነውን ሆኗል ብላ የጻፈችን ሰው እዚህ ማሽን ላይ እንዴት ላቁም?»

ጭምቴ ራሷን ነቀነቀች። እውነቷን ነው የሚል አነቃነቅ ነበር። እኔን የገደለኝ እሱ ነው።

«ዕቃ አልሰጥም ብላ ሐኪም ያስቆመች ልጅ ናት!» አልኩ።

«የቱ ጋ ነው ያለው?» አለች ወረቀቱን እያገላበጠች።

የለም። አውጥተነዋል። ጭምቴ በአጭሩ ነገረቻት፤ አለቃዋ አዳመጠች፣ ፊቷም ትንሽ ተለወጠ። «ይሄን ነበር መጀመሪያ ማንበብ የምፈልገው» አለች። ግን ከተነገረው ውስጥ የቱን ልመን ብትል ማን ይፈርድባታል? እሷ አላለችም፤ እኔ ነኝ ያሰብኩት።

ከቀናት በኋላ ስልክ ተደወለ። ሌላ ሰው ወስደዋል። በትህትና ነበር የነገሯት።

ጭምቴ ስልኩን ዘግታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ሊቁ ላፕቶፑን ከፍቶ ነበር።

«አይገባኝም» ይላል። «ዘጠና አንድ ነበር እኮ። ምናልባት ዘጠና አምስት ብናደርሰው…»

«አንተ ልጅ!» ጮህኩ። «ዘጠና አምስቱን ትበላዋለህ? የጎዳት አንሶ ሳይሆን በዝቶ ነው!»

«ቃለ መጠይቁ ድረስ ያደረሳት ማነው? ቁጥሩ ነው!»

«ሰርተፊኬቷ ነው ያደረሳት። ሴትዮዋ በአፏ ነገረችኝ፣ በዚህ ጆሮዬ ሰማሁ!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት እማዬ። አንቺ የዛሬን ዓለም አታውቂም።»

እንግዲህ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የእኔው ደግሞ ሞኝነቱም ወረቀቱም ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶበታል። ተከራያችን ጩኸታችንን ሰምታ በሩ ላይ ቆመች። አላልኳችሁም ብትል መብቷ ነበር። አላለችም። ልጅቷን ብቻ ነው ያየችው።

«የኔ ቆንጆ፣ ሌላ ይወጣል» አለቻት። «ያንን የራስሽን መልሰሽ አስገቢና…»

«ወጥቷል!» አለ ሊቁ፤ ጭራሽ ደስ ብሎት። «ዛሬ ጠዋት አገኘሁ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ለጥፌዋለሁ። ችግሩ ሠላሳ ስምንት ነው የሚለው፣ ግን ‹የንብረት አስተዳደር› የሚለውን ብንጨምርበት…»

«አንድ ቃል ጨምርና» አልኩት፣ «ያንን ዕቃ በመስኮት እወረውረዋለሁ። እውነቴን ነው!»

«ልረዳት እኮ ነው! ክሊኒኩ ሲዘጋ ማን ሊያበላት ነው? አንቺ? በጡረታሽ?»

«እረዳለሁ ብለህ አይደል አፈር ያስጋጥካት!»

እሱ ይጮሃል፣ እኔ እጮሃለሁ፤ ተከራያችን «ኧረ በፈጣሪ» ትላለች። ላፕቶፑ ላይ ቀዩ ክብ ተገትሮ ያየናል። መሐላችን ያለችውን ልጅ የጠየቃት አልነበረም፤ አሁን ሳስበው ከመጀመሪያው ጀምሮ የጠየቃት አልነበረም።

ጭምቴ ተነሣች። ወንድሟን አላየችም፣ እኔንም አላየችኝም። ላፕቶፑን ስታልፍ ክዳኑን በአንድ ጣቷ ገፍታ ዘጋችው። ጫማዋን አደረገች፣ ሹራቧን ከወንበሩ ላይ አነሣች።

«ወዴት ነው ልጄ? ምሳ ሳትበዪ?»

ተከራያችን ከበሩ ገለል አለችላት። ጭምቴ በአጠገቧ አልፋ ወጣች።